ቀጣሪ በፍለጋ እንዲያገኝሽ

«ባሕር ዳር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሊንክድኢን ገጼ ማጠቃለያ ላይ ‹ታታሪና ታማኝ› ብዬ ብጽፍም ቀጣሪ አያገኘኝም። ምን ላስተካክል?»

እህቴ፣ ቀጣሪ ሲፈልግ «ታታሪ» ብሎ አይጽፍም፤ የሚጽፈው የሥራ መደብና የሶፍትዌር ስም ነው። የምትመኚውን መደብ የሚመለከቱ አምስት ያህል የሥራ ማስታወቂያዎች አንብቢና የሚደጋገሙትን ቃላት ለዪ። ከዚያ ማጠቃለያሽ ላይ ከሠራሽው ሥራ ጋር አያይዘሽ አስገቢያቸው፦ «ጣና ዳር ባለ ሆቴል የባንክ ሒሳብ ማስታረቅንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ሒሳብን በPeachtree እሠራለሁ።» ይህ ፕሮግራም ስሙ ተቀይሮ Sage 50 ተብሏል፤ አንዱ ቀጣሪ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ስም ስለሚፈልግ ሁለቱንም ጻፊ። ማስታወቂያዎቹ በእንግሊዝኛ ከሆኑ ማጠቃለያሽም በእንግሊዝኛ ይሁን። ዋናዎቹን ቃላት መጀመሪያ ላይ አድርጊያቸው፤ ገጹ ሲከፈት ከማጠቃለያው የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። ያልሠራሽበትን ፕሮግራም ግን አትጨምሪ፤ በቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቅሽ አይቀርም።