ለፕሮጀክት የኮድ ስም ማውጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

«በስልክ መተግበሪያችን ውስጥ ሰዎች በቡድን የሚቆጥቡበት አዲስ አገልግሎት እየሠራን ነው። የኮድ ስሙን ‹ዕቁብ› አልነው፤ ሁሉም ወደደው። የቡድን መሪያችን ብቻ ‹ይህ ስም ምስጢራችንን ያወጣል› ትላለች። አላበዛችውም?» (ከአዲስ አበባ)

መሪያችሁ ትክክል ናት። ስሙን የሰማ ሁሉ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ገና ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

በፈረንጆች 1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አር. ቪ. ጆንስ ጀርመኖች «ዎታን» ብለው የጠሩት አዲስ የአውሮፕላን መምሪያ መሣሪያ እንዳላቸው ከተጠለፉ መልእክቶች ደረሰበት። አንድ የጀርመንኛ ምሁር ስለ ስሙ ሲጠየቅ ዎታን አንድ ዓይን ያለው የጥንት ጀርመኖች አምላክ መሆኑን ነገረው። ጆንስም ይህንን በእጁ ከነበረው ሌላ መረጃ ጋር አገናኝቶ፣ መሣሪያው የሚሠራው በአንድ የሬዲዮ ጨረር ብቻ መሆን አለበት ብሎ ገመተ። ግምቱም ትክክል ሆነ። ስሙን ያወጣው ሰው መሣሪያውን የሚመስል ስም መምረጡ ለጠላት ፍንጭ ሆነ።

ስለዚህ ስሙ ከሥራው ጋር ምንም ዝምድና ሊኖረው አይገባም። ይህን ማረጋገጫው መንገድ ስሙን ከሥራው በፊት ማዘጋጀት ነው። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ስሞችን ከአንድ መደብ ውሰዱ፤ ወንዞች ይሁኑ፣ ወፎች ወይም ምግቦች። አዲስ ሥራ ሲመጣ በዕጣ አውጡ። የወጣው ስም ባያስደስትም እንደገና ዕጣ አትጣሉ፤ መምረጥ የጀመረ ቡድን ሳያስበው ወደሚመሳሰለው ስም ያዘነብላል። ዝርዝሩን በፊደል ቅደም ተከተልም አትጠቀሙበት። ኡቡንቱ ለየእትሙ በፊደል ተራ የእንስሳ ስም የሚያወጣው እትሞቹ ለሕዝብ የሚታወቁ ስለሆኑ ነው። የእናንተ ግን ምስጢር ከሆነ፣ ሦስተኛውን ስም ሰምቶ ስድስተኛውን የሰማ ሰው በመካከል ሁለት ሥራ እንዳለ ይቆጥራል።

«ስሞቻችንን ከአገራችን ነገሮች መውሰድ እንወዳለን፤ ነገር ግን በላቲን ፊደል ስንጽፋቸው ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። ምን ይሻላል?» (ከባሕር ዳር)

በአገርኛ ስም መጥራቱን አትተዉ፤ የሚያስፈልገው ምርጫውን ማጥበብ ነው። «ጨጨብሳ»ን አንዱ chechebsa፣ ሌላው checebsa ብሎ ይጽፈዋል። «ቆጮ»ም እንደዚሁ በ q እና በ k ይጻፋል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። አንድ ሰው በኮዱ ውስጥ ስሙን ይፈልጋል፤ ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ ሁሉንም ያገኘ መስሎት ይሄዳል። ስለዚህ ስሙ ከመጽደቁ በፊት አምስት የሥራ ባልደረቦች ሳይነጋገሩ በየወረቀታቸው ይጻፉት። ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ከወጣ ስሙን ጣሉት። «ባሮ» እና «ጣና» ይህን ፈተና በአብዛኛው ያልፋሉ።

በጣም አጭር ስምም ያስቸግራል። «ኦሞ» መልካም ስም ነው፤ ነገር ግን በክፍያ መተግበሪያ ኮድ ውስጥ omo ብላችሁ ብትፈልጉ promo የሚል ቃል ያለበት መስመር ሁሉ ይመጣባችኋል። ሁለት ስም ያለውን ቦታም ተዉት፤ የዝዋይን ሐይቅ ደምበል የሚለው ብዙ ነው።

ከገንዘብ ጋር ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አዋሽ፣ ዓባይ፣ ዳሽን፣ ወጋገን፣ ፀሐይ፣ ዘመን እነዚህ ሁሉ የባንክ ስሞች ናቸው። «ዳሽንን በሚቀጥለው ወር እናስጀምራለን» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከስብሰባ ቢወጣ፣ የሰማው ሰው ከባንኩ ጋር ውል እንደተፈራረማችሁ ይረዳል። ያልነበረ ዕቅድ ወሬ ሆኖ ይዞራል፤ ማስተባበሉም የእናንተ ሥራ ይሆናል።

«የኮድ ስማችንን ከቢሮ ውጭ ማንም አይናገርም። ታዲያ በምን በኩል ሊወጣ ይችላል?» (ከአዲስ አበባ)

አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከሰው አፍ ሳይሆን ከማሽኖቻችሁ ነው። ሥራው «ባሮ» ተብሏል እንበልና መንገዱን አብረን እንከተለው።

አንደኛው መንገድ የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ነው። የሙከራ ሰርቨሩን baro.example.com ብላችሁ ሰይማችሁ ነፃ ሰርተፍኬት አወጣችሁለት። ክሮምና ሳፋሪ የሚቀበሏቸው ሰርተፍኬቶች በይፋዊ መዝገብ ላይ መስፈር አለባቸው፤ መዝገቡን ማንም ሰው ያነበዋል። crt.sh የሚባለው ገጽ ላይ የድርጅታችሁን የድረ ገጽ ስም የጻፈ ሰው baro የሚለውን ከነቀኑ ያገኘዋል። ሰርቨሩ በይለፍ ቃል መዘጋቱ ስሙን አይሸፍነውም። ከመዝገቡም ማስፋቅ አይቻልም። መፍትሔው ለሙከራ ሰርቨሮች ሁሉ *.example.com የሚል አንድ የጋራ ሰርተፍኬት ማውጣት ነው፤ በመዝገቡ የሚታየው ኮከቡ ብቻ ይሆናል። ይህም የራሱ ዋጋ አለው፤ የዚያ ሰርተፍኬት ቁልፍ ከተሰረቀ ሁሉም ሰርቨሮች ለአደጋ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ለሙከራ የተለየ የድረ ገጽ ስም ይኑራችሁ እንጂ ደንበኞች ከሚጠቀሙበት ጋር አታጋሩት።

ሁለተኛው መንገድ መተግበሪያው ራሱ ነው። አዲሱ አገልግሎት ተዘግቶ ቢቆይም ኮዱ ከወዲሁ በሚወጣው እትም ውስጥ ሊገባ ይችላል። የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል የታሸገ ዚፕ ስለሆነ ማንም ይከፍተዋል። እትሙን ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን አስኪዱ፦

```
unzip -p app.apk 'classes*.dex' | strings | grep -i baro
```

ምንም ካልመጣ በዚህ በኩል ደህና ናችሁ። ብዙዎች «እኛ ኮዱን የሚያደበዝዝ መሣሪያ እንጠቀማለን» ይላሉ። ያ መሣሪያ የክፍሎችንና የተግባሮችን ስም ይቀይራል እንጂ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለን ጽሑፍ እንዳለ ይተወዋል። ስለዚህ /api/baro/join የሚል አድራሻ እንዳለ ይወጣል። ምስሎችና የጽሑፍ ፋይሎች በሌላ የዚፑ ክፍል ስለሚቀመጡ እነሱንም ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

በሐምሌ 2017 (በፈረንጆች) አፕል ገና ለሽያጭ ላልቀረበው ሆምፖድ ድምፅ ማጉያ የተዘጋጀውን ሶፍትዌር ቀድሞ ለቀቀ። ገንቢዎች ሲመረምሩት D22 የሚል የኮድ ስም አገኙ። ይህ ስም ለብቻው ምንም አይናገርም፤ አጠገቡ ግን ጠርዙ የቀጠነ ስልክ ሥዕልና ፊትን ስለመለየት የሚናገር ኮድ ነበረ። D22 አይፎን ኤክስ ነበረ፤ ስልኩ ይፋ የሆነው ግን በመስከረም ነው። ደረቅ ስም ብቻውን አያድንም፤ ከጎኑ ያለውም ነገር አብሮ መታየት አለበት።

«ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ወሬ ነው። በየስብሰባው ባሮ፣ ሱፍ፣ ጣና ሲባል እሰማለሁ፤ የማላውቀው እኔ ብቻ እመስላለሁ። መጠየቅ አፍራለሁ።» (ሴት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ጠይቂ። ስሞቹን የማታውቂው ማንም ስላልጻፋቸው ነው፤ ይህ የቡድኑ ጉድለት ነው። በዚህ ሳምንት የማይገባሽን ስም ሁሉ በሰማሽው ተራ መዝግቢ። ከዚያ ለመሪሽ «ለአዲስ ሠራተኛ የሚሆን የስም ዝርዝር ላዘጋጅ፤ የጎደለውን ሙሉልኝ» በያት ወይም በለው። ከነባሮቹ ይልቅ ይህን ሥራ አንቺ ትችይዋለሽ፤ የትኛው ስም እንደማይገባ የሚያውቀው አዲስ የገባ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ስም ይህን ያህል ይበቃል፦

```
baro
ምንነት፦ ለቡድን ቁጠባ የሚሠራ አዲስ አገልግሎት
ባለቤት፦ የቁጠባ ቡድን
ሁኔታ፦ በሙከራ ላይ
የቀድሞ ስም፦ suf
```

«የቀድሞ ስም» የሚለውን መስመር አትዝለዪ። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው አንድ ሥራ ስሙን ቀይሮ ነባሮቹ በአሮጌው ሲጠሩት፣ አዲሶቹ ደግሞ ሁለት ሥራ ያለ ሲመስላቸው ነው። ከሠራተኛው ሁሉ የሚደበቅ ሥራ ካለ «ምንነት» ላይ «ባለቤቱን ጠይቅ» ብቻ ይጻፍ፤ ስሙ ግን ከዝርዝሩ አይጥፋ። ዝርዝሩም የድርጅቱ ሰዎች ብቻ በሚከፍቱት ቦታ ይቀመጥ።

ለመሪዎች ደግሞ አንድ ነገር እላለሁ። የኮድ ስም ጊዜያዊ ለሆነ ሥራ ነው። ለዓመታት የሚኖር የኮድ ክፍል ሥራውን የሚናገር ስም ይውሰድ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሥርዓቱ ሲቆም ለተረኛው የሚደርሰው መልእክት «ጣና አይመልስም» ከሚል «ክፍያ ማረጋገጫው አይመልስም» ቢል ይሻላል።

«በአንድ ታዋቂ ሰው ስም ብንጠራውስ? አክብሮት ነው እንጂ ክፋት የለበትም።» (ከሐዋሳ)

አይሆንም። አፕል በፈረንጆች 1994 ላወጣው ፓወር ማኪንቶሽ 7100 መሐንዲሶቹ «ካርል ሴገን» የሚል የኮድ ስም ሰጥተውት ነበር። ስሙ በአንድ የሙያ መጽሔት ወጣ፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ሴገንም ኮምፒውተሩን የደገፈ እንዳይመስል ስሙ እንዲቀየር ጠየቀ። መሐንዲሶቹ ቀየሩት፤ አዲሱ BHA የሚለው አሕጽሮት ግን ሴገንን የሚሳደብ እንደሆነ ታወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ የሴገንን ክስ ውድቅ ቢያደርግም ሁለቱ ወገኖች በ1995 በስምምነት ጨረሱት። ስሙ ከቢሮ አይወጣም ብሎ የተማመነ ሁሉ እዚህ ሊደርስ ይችላል። የአለቃችሁም ስም ቢሆን ያው ነው፤ ሥራው ሲሰረዝ «እገሌ ተሰረዘ» ማለት ይመጣል።

«አገልግሎታችን ወጥቶ ይፋዊ ስም ካገኘ በኋላም የኮድ ስሙ በየቦታው አለ። ሁሉንም እንቀይረው?» (ከአዳማ)

ሁሉንም አትንኩ። መጀመሪያ የት የት እንዳለ እዩ፦

```
git grep -il baro
```

ከሚወጡት ፋይሎች ደንበኛ የሚያየውን ለዩና በዚያው ሳምንት ቀይሩት፤ የስህተት መልእክቶች፣ ለደንበኛ የሚላኩ አጭር የጽሑፍ መልእክቶችና ኢሜይሎች፣ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች የሚያነቡት መመሪያ። የዳታቤዝ ሠንጠረዦችን ስም ግን እዚያው ተዉት። እነሱን መቀየር የሚያስከትለው አደጋ ከሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል፤ በስም ዝርዝሩ ላይ መመዝገቡ ይበቃል። ጉግልም ከፈረንጆች 2019 ጀምሮ ለሕዝብ በሚያወጣቸው የአንድሮይድ እትሞች የጣፋጭ ምግብ ስም መጠቀሙን ቢያቆምም በውስጥ ሥራው ቀጥሎበታል።

የማይቀየር አንድ ነገር አለ። መተግበሪያው በፕሌይ ስቶር ሲመዘገብ የተሰጠው com.example.baro የሚል መለያ ከወጣ በኋላ አይለወጥም። ለመለወጥ አዲስ መተግበሪያ ማውጣትና ደንበኞችን እንደ አዲስ እንዲጭኑ መለመን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀጣዩን መተግበሪያ ስትጀምሩ በዚያ ቦታ የኮድ ስም አታስገቡ፤ የድርጅቱን ስምና የአገልግሎቱን ዓይነት የሚገልጽ ቃል ይበቃል።

«ባሮ» የሚለውንም ወደ ዕጣው ሣጥን አትመልሱት። በዝርዝሩ ላይ «ያለቀ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉት፤ የድሮ መልእክቶችና የስህተት መዝገቦች ውስጥ ስሙን የሚያገኝ ሰው የትኛውን ሥራ እንደሚመለከት ያውቃል።