ከምርቃት ፎቶ ስር የሚገባ ተረትና ምሳሌ

«ልመረቅ ነው። ከፎቶው ስር ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። ሳነበው ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ መሰለብኝ። የራሴ እንዲሆን ምን ላድርግ?»

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ተረቱን አትቀይሪው፣ ምርጫሽ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው አገባቡ ላይ ነው። ጓደኞቼ ካፕሽን ሲቸግራቸው ወደ እኔ ይልካሉ። ብዙውን ጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው፤ ተረቱ ሙሉ በሙሉ ከላይ ይቀመጥና ትርጉሙ ከስር ይከተላል። ስልክ ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሚቆረጥ ቶሎ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው። እዚያ ላይ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነገር ካለ፣ ያንቺ ታሪክ ሳይነበብ ይታለፋል።

አንዷን ላሳይሽ። ቀን እየሠራች ማታ የተማረች ባልደረባዬ ስትመረቅ የላከችልኝ ይህን ነበር፦

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል! በትዕግስትና በጽናት የማይቻል ነገር የለም። ዛሬ ተመርቄያለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን!»

ምንም ስህተት የለውም። ግን የማንም ሊሆን ይችላል። መሐል ያለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተረቱን ለሚያውቅ ሰው ተረቱን እየተረጎመ ነው። ስለዚህ «ተረቱን ለጊዜው ተይውና እንዴት እንደጀመርሽ ንገሪኝ» አልኳት። «መጀመሪያ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ነው የያዝኩት፤ ከሥራ በኋላ ከዚያ በላይ አልቻልኩም» አለችኝ። የፈለግነው እሱን ነበር። ተረቱ ውስጥ ያለው «ቀስ በቀስ» እሷ ሕይወት ውስጥ ምን ይመስል እንደነበር ተገኘ። በመጨረሻ የለጠፈችው ይህ ነው፦

«መጀመሪያ ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ነበር የያዝኩት። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሦስት። ዛሬ እንቁላሉ በእግሩ ሄደ። ተመርቄያለሁ!»

ልብ በይ፣ ተረቱ ሙሉውን የለም። «ቀስ በቀስ» የሚለውን ቃል የኮርሶቹ ቁጥር ተክቶታል። «ይሄዳል» የነበረው «ሄደ» ሆኗል። ሰው ሲያወራ ተረትን እንዲህ ነው የሚጠቀመው፤ ቆርጦ፣ ከወሬው ጋር አስማምቶ። ቀሪውን አንባቢው በልቡ ይሞላዋል፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። እኔ በግሌ ከሁሉም የምወደው ይህን አካሄድ ነው።

የሚሠራው ግን ተረቱ በደንብ ከታወቀ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውን ከቆረጥሽው አንባቢሽ ግራ ይጋባል። እንደዚያ ዓይነቱን ሙሉውን ጻፊውና «እንዲሉ» ብለሽ ከራስሽ ነገር ጋር አያይዥው፦ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ለፈተና ሳጠና ሌሊቱ ራሱ በቂ ሆነልኝ።» ከ«እንዲሉ» ቀጥሎ የሚመጣው አንቺ ላይ በእውነት የሆነ ነገር ይሁን፤ ሌላ ምክር ከመጣ ተመልሶ ጥቅስ ይሆናል። «አበው እንዳሉት» የሚለውን ግን ተይው። ለስብሰባ መክፈቻ ይሆናል፤ ለፎቶ ይከብዳል።

ሌላው፣ ተረቱን ማን ስለ ማን ይለዋል የሚለው ነው። «የሚያድግ ጥጃ ከአስተኛኘቱ ያስታውቃል» እናትሽ ስላንቺ ብትል ያምራል። አንቺው ስለራስሽ ስትይው ጉራ ይሆናል። እንቁላሉ ግን ስለራስ ሲነገር ትሑት ነው፤ መዘግየትን አምኖ ነው የሚጀምረው። በዚያው ምክንያት ለሌላ ሰው ሲሆን ይገለበጣል። ብዙ ዓመት የፈጀባትን ጓደኛሽን «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብለሽ እንኳን ደስ አለሽ ካልሻት፣ «ቆየሽ» ያልሻት ሊመስላት ይችላል። በጊዜዋ ለጨረሰች ደግሞ ጭራሽ አይገጥምም።

ምስጋና መጨመር ከፈለግሽ ሁለተኛ ተረት አትደርድሪበት። ወይ እንቁላሉን ብቻ ያዢ፣ ወይ ሙሉውን ካፕሽን ለምስጋናው ስጪው። ያገዙሽ ሰዎች ብዙ ከሆኑ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ጥሩ አድርጎ ይገጥማል፤ እሱንም ቆርጠሽ፦ «ሎሚዬን ተካፍላችሁ ለያዛችሁልኝ ሁሉ። ማታ በር ለከፈተልኝ ወንድሜ፣ ማስታወሻዋን ላዋሰችኝ ጓደኛዬ።» ስሞቹንም እዚያው ብታስገቢያቸው ይበልጥ ያንቺ ይሆናል።

ለጥያቄሽ ስመለስ፣ ትምህርቱን እንዴት እንደጀመርሽ አልጻፍሽልንም። ሁለት መስመር ጣል አድርጊልንና «እንቁላሉ» የት ጋ ቢገባ እንደሚሻል አብረን እንየው።