ከመጠየቃችሁ በፊት አራት ሳምንት ቁጠሩ

«አዳማ በአንድ ትራንዚት ቢሮ 14 ሠራተኞች ነን። የመግቢያ ሰዓት ይላላልን ስንል ሥራ አስኪያጁ "ሁሉም እንደፈለገው ከገባ ደንበኛውን ማን ያስተናግዳል?" አለን። ምን ይዘን እንቅረብ?» (ከፍራንኮ)

ሰውየው የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በሱ ጀምሩ። «ይላላልን» የሚለውን ትታችሁ ቁርጥ ያለ ነገር አቅርቡ። ሙከራው ለ10 ሳምንት ነው። መግቢያ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:30 በምርጫ ይሆናል። ከ4:00 እስከ 9:00፣ ከምሳ በቀር፣ ሁሉም ቢሮ አለ። የ8 ሰዓት ሥራ አይጎድልም። 1:30 የገባ 10:30 ይወጣል፣ 3:30 የገባ 12:30። እንዲህ ከሆነ ቢሮው በቀን ለ11 ሰዓት ሰው ይኖረዋል። ዛሬ ከ2:30 እስከ 11:30 ያለው 9 ሰዓት ብቻ ነው። ግን ይህ የሚሆነው በሁለቱም ጫፍ ሰው ካለ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የወሩን ሰዓት አስቀድሞ ይጻፍ፣ በጠዋቱም በማታውም ጫፍ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሰው ይኑር።

ቀጥሎ መለኪያው። ብዙዎች «የማርፈድ ቁጥር ይቀንሳል» ብለው ይጽፋሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አሁን 2:40 ሲል የፊርማ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ይሰመራል፣ ከመስመሩ በታች የፈረመ ሁሉ አርፋጅ ነው። መስመሩን ወደ 3:30 ስታወርዱት አርፋጁ በራሱ ይጠፋል። አለቃችሁ ይህን ወዲያው ያያል፣ ከዚያ በኋላ ሌላውንም ቁጥራችሁን አያምንም።

እሱ የሚጨነቅበትን ለኩ። አንደኛ፣ ሰነዱ ተሟልቶ ከደረሳችሁ እስከ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ማስገባት ስንት ቀን ይፈጃል? ከዚያ በኋላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚቆየው በእናንተ እጅ ስላልሆነ አትቁጠሩት። ሁለተኛ፣ ከገቡት ውስጥ ስንቱ ለእርማት ተመለሰ? ሦስተኛ፣ ለባንክ፣ ለቀበሌ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ተብሎ ስንት ሰዓት ፈቃድ ተጠየቀ? እውነተኛው ጥቅም የሚታየው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው፤ 10:30 የወጣ ሰው ቀበሌ ሳይዘጋ ይደርሳልና።

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የአራት ሳምንቱን ቁጥር አውጡ። የተቀበላችሁበት ቀን የፋይሉ ሽፋን ላይ ከተጻፈ ግማሹ ሥራ አልቋል። 60 ፋይል ካለ ከፈጣኑ እስከ ዘገምተኛው ደርድሩና መሀል ላይ ያለውን ውሰዱ። አማካይ አትጠቀሙ፤ 20 ቀን የተንቀረፈፈ አንድ ፋይል የሁሉንም ያበላሻል። መሀሉ 2 ቀን ከሆነ ማመልከቻው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ከ2 ቀን ካልበለጠ፣ እርማቱ ካልጨመረ፣ የፈቃድ ሰዓቱም በሩብ ከቀነሰ ተሳክቷል።»

እኔ በነበርኩበት አንድ ቢሮ ያለ ቀዳሚ ቁጥር ገባን። ሥራው ፈጥኖ ነበር፣ ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊው ግን «ድሮም እንዲሁ ነበር» አለ። የምናሳየው ወረቀት ስላልነበረን ነገሩ እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ሙከራው በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ ደንበኛ ስልክ አልተነሳልኝም ብሎ አስቆመብን። እንደገና መጠየቅ ይቻላል?» (ከፖስታ ቤት አካባቢ)

ይቻላል። መጀመሪያ ግን ደንበኛው በስንት ሰዓት እንደደወለ እወቁ። 3:00 ላይ ከሆነ ችግሩ የስልክ ተረኛ አለመመደቡ ነው፤ ያ በአንድ ቀን ይስተካከላል። በአዲሱ ማመልከቻ ላይ ሙከራው መቼ እንደሚቆም ራሳችሁ ጻፉ፦ «ከመለኪያው አንዱ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከተበላሸ ይቁም።» አንድ ቅሬታ ሲመጣ ይታረማል እንጂ ሙከራው አይቆምም። አለቃም መውጫ በር እንዳለው ሲያይ ለመፍቀድ ይቀለዋል።

«ግንቦት ላይ ብንጀምር ምን ችግር አለው? የሂሳብ ክፍል ነን።» (ከገልማ አባ ገዳ አካባቢ)

10 ሳምንቱ ሰኔ 30ን ያካትትባችኋል። የበጀት መዝጊያ ሩጫ ከሚያዝያ ጋር ሲነጻጸር ሁሉም ነገር የባሰ ይመስላል። ጥቅምትን ቁጠሩ፣ ኅዳር 1 ጀምሩ። ጥር 10፣ ለጥምቀት ዋዜማ ያልቃል። የገናን ሳምንት ለብቻው ጻፉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታትም አትመኑ፤ ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ይበረታል።

«ሕጉ ይፈቅዳል?»

አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። 8 ሰዓቱን ሳትነኩ መግቢያና መውጫውን ብቻ ማንቀሳቀስ ከዚህ ጋር አይጋጭም። የድርጅታችሁን መተዳደሪያ ደንብና የኅብረት ስምምነት ግን እዩ። መግቢያው 2:30 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ለሙከራው ጊዜ የሚያገለግል የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል።

«እኔ እንግዳ መቀበያ ላይ ነኝ፣ 2:30 መቀመጥ ግዴታዬ ነው። የሌሎቹን ደስታ ቁጭ ብዬ ልይ?»

አይ እህቴ፣ ይህን ዝም ብለሽ አትለፊው። ማመልከቻው ላይ ያንቺ ስም እንዲገባ ጠይቂ። 1:30 ከሚገቡት አንዱ መቀበያውን ይልመድ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይተካሽና አንቺ 3:30 ግቢ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሰው አጥቶ የተመለሰ ደንበኛ ካለ መዝገብሽ ላይ ይጻፍ፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር አብሮ ይቅረብ።