ርካሹን ወይስ ውዱን?

«ገበያ ላይ ነው የምሠራው፤ ቀጣሪ የለኝም። የትኛውን የጤና መድን ልግዛ? ለዓመቱስ ስንት ልያዝ?»

አረቦኑን፣ ማለትም ለመድኑ በየወሩ የምትከፍለውን፣ በ12 አባዛና ስትታከም ከኪስህ የምትከፍለውን የዓመት ጣሪያ ደምርበት። ለሚሸፈን ሕክምና የክፉ ዓመት በጀትህ እሱ ነው።

አንዱ በወር 400፣ ጣሪያው 9,000 ነው እንበል። ደህና ከከረምክ 4,800፣ ከባሰብህ 13,800። ሌላው በወር 850፣ ጣሪያው 3,000፤ 10,200 ወይም 13,200 ይሆናል። በክፉ ዓመት ልዩነታቸው 600 ብቻ! እንግዲህ ዋናው ነገር 9,000 በአንዴ ከየት ይመጣል ነው። የነጋዴ ገንዘብ መቼም ዕቃ ላይ ነው የሚተኛው። ተቀማጭ ካለህ ርካሹን፣ ከሌለህ ውዱን ያዝ።

ደግሞ ገበያ ሲቀዘቅዝ ክፍያ እንዳታሳልፍ። አንድ የማውቀው ነጋዴ ውሉ ተቋርጦበት፣ መድኑ መሸፈን እስኪጀምር ያለውን የመጠበቂያ ጊዜ እንደ አዲስ ጀመረ። ከተፈቀደልህ ገበያው ሲደራ የሚቀጥሉትን ወራት አስቀድመህ ክፈል።