ጥያቄና መልስ፦ ብቻዬን ንግድ ልጀምር፤ በስሜ ላውጣ ወይስ በድርጅት? (ሐዋሳ)

ጋሽ ወርቁ፦ ዛሬ ማታ ለጥያቄ ክፍት ነኝ። ንግድ ፈቃድ መስኮት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሁን የነጋዴዎችን ሂሳብ እይዛለሁ። የማወራው ብቻውን ስለሚነግድ ሰው ነው። ሸሪክ ያላችሁ ሌላ ቀን። ስትጠይቁ ምን እንደምትሸጡ፣ ለማን እንደምትሸጡና የት እንደሆነ ጻፉልኝ።

ሰላም፦ «በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ፣ አሽጌ ለሱቆችና ለሆቴሎች ላስረክብ ነው። ብቻዬን ነኝ። በስሜ ፈቃድ ላውጣ ወይስ ፒኤልሲ ይሻላል? አቶቴ አካባቢ ቤት አግኝቻለሁ፣ ነገ ቀብድ ልከፍል ነው።»

ጋሽ ወርቁ፦ እህቴ፣ ነገ ቀብድ እንዳትከፍዪ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ።

በስምሽ ስታወጪ አንቺና ንግዱ በሕግ ፊት አንድ ናችሁ። ከሃላባ የ300,000 ብር ዛላ በርበሬ በዱቤ አመጣሽ እንበል። ክረምት ላይ መጋዘኑ እርጥበት ገባውና ሻገተ። ባለገንዘቡ የንግዱን ዕቃ ወስዶ ካልበቃው ወደ ግል ቁጠባሽና ወደ መኪናሽ ይመጣል። ፒኤልሲ የምትዪውን፣ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋምሽ ግን ዕዳው የማኅበሩ ነው፤ አንቺ የምታጪው ያስገባሽውን ካፒታል ነው።

ሰው ይህን ይሰማና ሮጦ ድርጅት ያቋቁማል። ቀሪውንም ስሚ። የሽያጩን ገንዘብ በግል አካውንትሽ እያስገባሽ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከማኅበሩ ሂሳብ እያወጣሽ ከቆየሽ ፍርድ ቤት ከለላውን ሊያነሳብሽ ይችላል፤ ያኔ በግልሽ ትጠየቂያለሽ። የሃላባው ነጋዴም ሆነ ባንኩ በግልሽ ዋስ ሁኚ ብሎ ካስፈረመሽ ደግሞ ለዚያ ዕዳ ማኅበሩ አያድንሽም። ለአዲስ ድርጅት በዱቤ የሚሰጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ያስፈርማል።

ሂሳብ አያያዙም አለ። ማኅበር ሽያጩ ትንሽም ቢሆን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት፣ ትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። ከዚያ የተረፈውን ለራስሽ ስታወጪ የትርፍ ድርሻ ግብር አለ። ግለሰብ ከሆንሽ ደረጃሽን የሚወስነው የዓመት ሽያጭሽ ነው።

ስለዚህ ለአንቺ፦ ዛላውን በእጅ በእጅ እየገዛሽ፣ ሁለት ሠራተኛ ይዘሽ የምትጀምሪ ከሆነ በስምሽ አውጪ። ትልቅ ዱቤ ውስጥ ልትገቢ ከሆነ ወይም ምግብሽ ሰው ቢያሳምም የሚመጣው ካሳ ካሰጋሽ፣ ሂሳብ ሠራተኛ የምትከፍዪበት አቅም ሲኖርሽ ማኅበሩን አቋቁሚ።

የሞቢል ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ፒኤልሲ ለአንድ ሰው አይፈቀድም። ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም ሚስቱን ወይ ወንድሙን የሚያስገባው ለዚህ ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ የምትለው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ልክ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። መመሥረቻው በሰነድ ማረጋገጫ ይጸድቃል። መሥራቹ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ማኅበሩን ተረክቦ የሚያስተዳድር ሰውም አስቀድሞ ይሰየማል። ለመገላገል ብቻ የአጎት ልጅ ስም አትጻፉ፤ ሥራውን የሚያውቅና እሺ ያለ ሰው ይሁን።

ታምሩ ብረታ ብረት፦ እኔ ከሕጉ በፊት ወንድሜን በአምስት በመቶ አስገብቼ ነበር፣ ለስም ብቻ። አሁን ቤት ሊሠራ ድርሻዬን አምጣ ይላል፤ ያለእሱ ፊርማ ምንም ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ምን ይሻለኛል?

የሞቢል ልጅ፦ አምስት በመቶ ይዞ ምን ያመጣል? ስጠውና ይውጣ።

ታምሩ ብረታ ብረት፦ በስንት? እሱ የሚለው የዛሬውን የማሽን ዋጋ ነው፣ እኔ ያስገባውን።

ሰላም፦ ወንድም ነው እኮ፣ ሽማግሌ አስቀምጡ።

ጋሽ ወርቁ፦ ታምሩ፣ ያንተ ጉዳይ የድርሻ ዋጋ ክርክር ነው። መመሥረቻ ጽሑፉን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ፤ እዚህ በወሬ አይፈታም። ሌሎቻችሁ ግን ልብ በሉ፦ ለስም ብሎ ሰው ማስገባት ዛሬ አስፈላጊ አይደለም።

ሰላም፣ ወደ ቀብዱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ንግድ ምዝገባና ንግድ ፈቃድ ሁለት ነገር ናቸው። ምዝገባው አንዴ ነው፣ ነጋዴ መሆንሽን ብቻ ይናገራል። ፈቃዱ ግን የራሱ ኮድ ላለው ለአንድ የንግድ መደብ የሚሰጥ ነው፤ በመደቡ ያልተጻፈውን መሥራት ክልክል ነው። በርበሬ ገዝቶ መቸርቸር አንድ መደብ ነው፣ ለሱቆች በጅምላ ማከፋፈል ሌላ፣ ፈጭቶና አሽጎ ማምረት ደግሞ ሌላ። መስኮት ላይ ሄደሽ «ባልትና ነው» ካልሽ ባለሙያው ችርቻሮ ሊሞላልሽ ይችላል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ትወጫለሽ። ከዚያ ሆቴሉ ውል ሊፈርም ፈቃድሽን ሲያይ ችርቻሮ ይላል፤ የሂሳብ ክፍሉ ደረሰኝሽን አልቀበልም ይላል። እንዲህ ሆኖ የመጣብኝ ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄጂው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ያለ ቀብድ፣ ያለ ውል። የምትሠሪውን ከዛላው ግዢ እስከ ርክክቡ ንገሪያቸውና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ይህ ሥራ በየትኛው ኮድ ነው የሚወድቀው? የኮዱን መግለጫ ላንብበው?» መግለጫው ላይ መፍጨትና ማሸግ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ቀጥለሽ «ለዚህ ኮድ ከፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል? የሚሰጠው ማነው?» በዪ። ምግብ ስለሆነ የጤና ቁጥጥር ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ያያል። የሚያየውም ዛላው የሚቀመጥበትና የተፈጨው የሚታሸግበት መለየቱን፣ ውሃ መኖሩን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ርቀት፣ የሠራተኞችሽን የጤና ምርመራ ነው።

ቀብድ አትክፈዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ያየሽው ቤት አንድ ክፍል ከሆነና መጸዳጃው ከበሩ ጎን ከሆነ ባለሙያው አይፈርምም፣ አከራዩም ቀብድ አይመልስም። ባለሙያው አስቀድሞ መጥቶ እንዲያይልሽ ለምኚ። ካልመጣ የመመዘኛውን ቅጽ ኮፒ ወስደሽ ራስሽ ቤቱን በሱ መዝኚ።

ሰላም፦ «አከራዩ ውሉን ሰነድ ማረጋገጫ ሄጄ አልፈርምም ይላል፣ ግብር ፈርቶ። በእጅ የተጻፈ ውል አይበቃም?»

ጋሽ ወርቁ፦ አይበቃም። ሌላ ቤት ፈልጊ። እየለመንሽ ከገባሽ በየዓመቱ እድሳት ላይ ያው ጭቅጭቅ ነው።

ናቲ፦ «ቢዝነስ መጀመር እፈልጋለሁ፣ ምን ምን ያስፈልጋል?»

ጋሽ ወርቁ፦ ምን ትሸጣለህ? ለማን? የት? ከላይ ጽፌያለሁ።

ናቲ፦ ገና አልወሰንኩም፣ በጥቅሉ።

ጋሽ ወርቁ፦ በጥቅሉ የሚባል ፈቃድ የለም። ስትወስን ና።

የሞቢል ልጅ፦ በግብሩ ላይ ላርምዎት ጋሼ። ግለሰብ ከ500,000 በታች «ሐ»፣ እስከ 1,000,000 «ለ»፣ ከዚያ በላይ «ሀ» ነው። ሰላም በወር 100,000 ከሸጠች «ሀ» ናት፣ ከፒኤልሲ ምንም አይለያትም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ያ የ2008ቱ ነው። በ2017 በአዋጅ 1395 ተሻሽሏል፤ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው የቀረው፣ ወሰኑም 2,000,000 ብር። በዓመት 1,200,000 ከሆነ «ለ» ናት።

የሞቢል ልጅ፦ ያ የፌዴራል ነው። እኛ ክልል ነን፤ የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው።

ጋሽ ወርቁ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት አለ። ማሻሻያው ልጅቷ እንዳለችው ነው። የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል መሆኑም እውነት ነው። ስለዚህ ሰላም፣ ገቢዎች ሄደሽ «በዚህ ዓመት ግለሰብን በየትኛው ወሰን ነው የምትመድቡት?» ብለሽ ጠይቂ፤ የመደቡሽንም በጽሑፍ ያዢ። እዚህ ስትከራከሩ ማደር ጥቅም የለውም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ሕጉ አንድ ነው ጋሼ፣ ሰውን ባያደናግሩ።

ጋሽ ወርቁ፦ አላደናገርኩም። ግብር የሚሰበስበው ሰው በየትኛው እንደሚሠራ ይጠየቅ ነው ያልኩት።

ዳዊት ከታቦር፦ «ፈቃድ በኢንተርኔት ይወጣል ይባላል፤ መሄድ ያስፈልጋል?»

ጋሽ ወርቁ፦ በ etrade.gov.et ላይ ማመልከት ይቻላል። ኮዱን ግን ሳታጣራ አትጫን። ማሽኑ የመረጥከውን ይሰጥሃል፤ ልክ መሆኑን አይነግርህም።

ብርቱካን፦ «እኔ ሥራውን ካቆምኩ ቆየሁ። ፈቃዱ ቤት ተቀምጧል። ችግር አለው?»

ጋሽ ወርቁ፦ በጣም አለው። ፈቃዱ በእጅሽ እስካለ ድረስ ገቢዎች እየሠራሽ እንደሆነ ነው የሚቆጥረው፤ ያላሳወቅሽበት ዓመት ሁሉ ውዝፍና ቅጣት ይሆናል። ሰዎች ሌላ ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ ነው በመለያ ቁጥራቸው ላይ ዕዳ ተጽፎ የሚያገኙት። ነገ ገቢዎች ሂጂ፣ ያለብሽን አስወስኚ፣ ዕዳ የለብሽም የሚል ክሊራንስ ያዢ፣ ከዚያ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት መልሺና የመመለሻ ደብዳቤ ተቀበዪ። ደብዳቤውን አትጣዪ።

ብርቱካን፦ «እህቴ በሱ ትሥራበት ብል አይሻልም?»

ጋሽ ወርቁ፦ አይቻልም። ፈቃድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ አይከራይም። እሷ ብትሠራበትም ዕዳው የሚጻፈው በአንቺ ስም ነው።

ታምሩ ብረታ ብረት፦ «እድሳት መቼ ነው የሚያበቃው?»

ጋሽ ወርቁ፦ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት። ከጥር ጀምሮ በቅጣት። የግብር ክሊራንስ ስለሚጠየቅ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተሰልፋችሁ አትጠብቁ።

ሰላም፦ «ባለሙያው የሚነግረኝ በየቀኑ ቢለያይስ? አንዱ ይህን አምጪ፣ ሌላው ያንን ይላል።»

ጋሽ ወርቁ፦ ቢሮው ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፤ አገልግሎቱ፣ የሚያስፈልገው ሰነድ፣ የሚፈጀው ጊዜና ክፍያው ይጻፍበታል። ፎቶ አንሺው። የተባልሽው ሰነድ እዚያ ላይ ከሌለ በትሕትና «ይሄ በየትኛው መመሪያ ነው?» በዪና የባለሙያውን ስምና ቀኑን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ስትጽፊ ካየ ብዙውን ጊዜ መልሱ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ የቡድን መሪው ጋ ግቢ። ያለ ደረሰኝ ግን አንድም ብር እንዳትከፍዪ።

ሰላም፦ እሺ ጋሼ። ነገ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፤ ለአከራዩም ሁለት ቀን ታገሠኝ ብዬዋለሁ።

ናቲ፦ «ወሰንኩ። ጭማቂ ቤት፣ ፒያሳ። ቤቱን ዛሬ ተከራየሁ። አሁን ምን ላድርግ?»

ጋሽ ወርቁ፦ ናቲ፣ ለሰላም የጻፍኩትን ከቀብዱ ጀምረህ አንብብ። ከዚያ ነገ ጠዋት የጤና ቁጥጥሩን ቅጽ ይዘህ ቤቱን ለካ፣ ውሃና መጸዳጃው ካላለፈ አከራይህ ገንዘቡን ሳያጠፋው ወዲያውኑ አነጋግረው።