የተመለሰ ዕቃና የሽያጭ ኮሚሽን፦ ጠይቁኝ

እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አለሁ። ኮሚሽን የሚሰላው ገንዘቡ ሲገባ ነው፤ እሱም ከቫት በፊት ባለው ዋጋ። ይሄን ይዛችሁ ጠይቁ።

ሚሚ፦ ደንበኛው ግማሹን ከፍሎ ግማሹ ዱቤ እያለ 10 ካርቶን መለሰ። ዕቃውን ከሸጠው ልጅ ኮሚሽን ልቁረጥ?

እንዳትቆርጪ! በቁጥር እንየው። 60 ካርቶን ሳሙና፣ አንዱ 2,000 ብር፣ 120,000 ነው። ከ15 በመቶ ቫት ጋር 138,000። ኮሚሽኑ 3 በመቶ ይሁን። ደንበኛው 69,000 ከፈለ፤ ቫቱ ሲወጣ 60,000 ነው፤ ልጁ 1,800 ወሰደ። አሁን 10 ካርቶን ሲመለስ ከነቫቱ 23,000 ብር ከዕዳው ይወርዳል። የቀረው 46,000 ነው። እሱ ሲከፈል ልጁ 1,200 ያገኛል። ድምሩ 3,000፣ ልክ የ50 ካርቶን። እዚህ ላይ 600 ብር ከቆረጥሽ ሁለቴ ቀጣሽው። ላልተከፈለ ዕቃ መች ኮሚሽን ወሰደና!

600 የሚቆረጠው ሁሉም ተከፍሎ፣ ልጁ 3,600 ከወሰደ በኋላ ዕቃው ሲመለስ ነው። ኤክሴል ላይ B የደረሰኙ ድምር፣ C የተከፈለው፣ D የተመለሰው (ሦስቱም ከነቫቱ)፣ E ልጁ እስካሁን የወሰደው ይሁን፦

```
=0.03*MIN(C2,B2-D2)/1.15-E2
```

ከዜሮ በታች ከወጣ ብቻ ቁረጪ።

አቤል፦ ስንት ፐርሰንት ቢሆን አሪፍ ነው?

የምን ዕቃ? ለማን የሚሸጥ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ጌች፦ እኔ ስሸጥ 3 በመቶ ነበር። ዕቃው ሲመለስ ወደ 4 አድጎ ስለነበር በ4 ቆረጡብኝ።

በወሰድክበት በ3 ነው የሚቆረጠው። የመመለሻ ሰነዱ ላይ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥር ካልተጻፈ እንዲህ ይሆናል።

ሐናን፦ ዕቃ ከተመለሰ ኮሚሽን ይቆረጣል ማለት ነው?

ኧረ ለሚሚ የመለስኩትን አንብቢ። ተከፍሏል ወይ? መጀመሪያ እሱ።

ዳኒ፦ ቢቆረጥም ከአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሕግ ነው።

ሰላም፦ እሱ ለደመወዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ኮሚሽንን ደመወዝ አይለውም።

ዳኒ፦ በዚያ ወር ኮሚሽን ባይኖረውና ከደመወዙ ቢወስዱስ?

ሰላም፦ ያኔ አንድ ሦስተኛው ይሠራል። ዝም ብሎም አይቆረጥም፤ ለምሳሌ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው።

ዳኒ፦ ከሚቀጥለው ኮሚሽን ሙሉውን ቢወስዱበትስ? ልጁ ምን ይብላ?

ክርክራችሁን ለጠበቃ ተዉት። እኛ ቤት ከሚቀጥለው ኮሚሽን ነው የምንቀንሰው፤ ውሉም ላይ ተጽፏል።

ሚሚ፦ እኔ እኮ ቆርጬ ጨርሻለሁ። 690 ብር።

690? ቫቱንም ጨምረሽ! ከላይ ምን አልኩ? በይ ሙሉውን መልሺለት።