ከመግዛትሽ በፊት ኪሳራሽን አስዪ፦ ለጀማሪዋ የማሾ ገዢ

ጥያቄ፦ «ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ማሾ በሚገዛ የንግድ ቤት ጀማሪ ገዢ ሆኜ ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ዋናው ነጋዴ አዲሶቹን ሰብስበው ‹በዚህ ዓመት ስንት አተረፋችሁ ብዬ አልጠይቅም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ልትከስሩ እንደምትችሉ ታውቁ ነበር ወይ ነው የምላችሁ› አሉን። ሳናስፈቅድ ከ50 ኩንታል በላይ እንዳንገዛም ከለከሉን። እኔ ግን ንግድ የደፋር ነው ሲባል ነው የሰማሁት። እንዲህ ታስሬ ምን እማራለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እኚህ ሰው ለጀማሪ ከሚነገረው ሁሉ ዋናውን ነገር ነግረዋችኋል። በቁጥር ካላየሽው ግን ወቀሳ ሊመስልሽ ስለሚችል አንድ ጭነት ይዘን እናስላው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ ብዬ የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንቺ በዕለቱ ዋጋ ተኪያቸው።

50 ኩንታል ማሾ፣ ኩንታሉን በ8,000 ብር ገዛሽ እንበል። ለጆንያ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለደላላና ለመኪና በኩንታል 250 ብር ወጣ። ጠቅላላ ወጪሽ 412,500 ብር ሆነ። አዲስ አበባ ደርሶ ሲበጠርና ሲመዘን ከመቶው ኪሎ ሁለት ኪሎ ጎደለ፤ ስለዚህ የምትሸጪው 49 ኩንታል ነው። ላኪው በ8,600 ብር ከተረከበሽ 421,400 ብር ታገኛለሽ። ትርፍሽ 8,900 ብር ነው። በ600 ብር የዋጋ ልዩነት የተጀመረው ንግድ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

አሁን ጭነቱ ሳይራገፍ ዋጋው በመቶ 10 ወረደ እንበል። 7,740 ብር በ49 ኩንታል ሲባዛ 379,260 ብር ነው፤ 33,240 ብር ከሰርሽ። ይህን ለመመለስ ምንም ሳይሳሳት ያተረፈ አራት ጭነት ያስፈልግሻል። 200 ኩንታል ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው ከ130,000 ብር ያልፍ ነበር። ዋናው ነጋዴ የከለከሉሽ ይህንን ነው።

ዋጋ እንዲህ ይወርዳል ወይ ትይኝ ይሆናል። ማሾ በአመዛኙ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ህንድ ከውጭ የምታስገባውን ማሾ በነፃ ከሚገቡት ዝርዝር አውጥታ ገደብ ካለባቸው ውስጥ አስገባችው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲመጣ ቀድሞ የሚነግርሽ ገበሬም ደላላም የለም። ጆንያሽ ሞልቶ ገዢ ሳይኖርሽ የምትቆዪበት እያንዳንዱ ቀን አደጋ ላይ ያለሽበት ቀን ነው። በስልክ የሰማሽው ዋጋም ውል አይደለም። ጭነቱ የጣርማ በርን አቀበት ወጥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ እስኪደርስ መኪና ቢበላሽ ወይም መንገድ ቢዘጋ፣ የሚጠብቅሽ የዛሬው ሳይሆን የደረሽበት ቀን ዋጋ ነው።

ከዋጋው ይልቅ ጀማሪን በዝምታ የሚበላው ግን እርጥበት ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። 14 በመቶ እርጥበት ያለው ማሾ ደርቆ 12 በመቶ ሲሆን ከኩንታሉ ሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ ይቀንሳል። ከላይ ባሰላነው ጭነት ላይ የክብደት ጉድለቱ ከሁለት ወደ አራት ኪሎ ቢወጣ የምትሸጪው 48 ኩንታል ይሆናል፤ ገቢሽ 412,800 ብር፣ ትርፍሽ 300 ብር። ዋጋው ምንም ሳይወርድ ትርፉ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ከጆንያው አፍ ዘግነሽ አትመኚ። እጅሽን እስከ ክንድሽ አስገቢ፣ ከመሃልና ከታችም አስወጪ። ፍሬውን በጥርስሽ ስትነክሺው ቀጭ ብሎ ከተሰነጠቀ ደርቋል፤ ከተላመጠና ከተጨፈለቀ ውሃ እየገዛሽ ነው። ፍሬው ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣቦች ካየሽ ደግሞ የነቀዝ እንቁላል ናቸው። ዛሬ ቀዳዳ ባይኖረውም መጋዘን ውስጥ ከቆየ ይፈለፈልና ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ማሾ ዋጋ እስኪወጣ ብለሽ ልታስቀምጪ አትችዪም።

አሁን ወደ 50 ኩንታሉ እንምጣ። ጣራ እንጂ ግብ አይደለም። ዋናውን ነጋዴ «በአንድ ግዢ ላይ ቢበዛ ስንት ብር ብከስር ይችሉታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። 15,000 ብር አሉሽ እንበል። ቀጥሎ ከቤቱ መዝገብ፣ ከግዢ እስከ ሽያጭ ባሉት ሦስት አራት ቀናት ውስጥ ዋጋው በጣም የወረደው ስንት እንደነበር ፈልጊ። ከትርፉ አልፎ ከወጪሽ በታች 500 ብር ሊያወርድሽ ይችላል ብለሽ ካሰብሽ፣ ለእርጥበትና ለደረጃ መውረድ 150 ብር ጨምሪበት። በኩንታል 650 ብር ሆነ። 15,000 ለ650 ሲካፈል 23 ነው። በዚያ ቀን መግዛት የሚገባሽ 23 ኩንታል ነው፤ 50 ስለተፈቀደልሽ 50 አይሞላም። አብዛኛው ጀማሪ ከትርፉ ተነስቶ ብዛቱን ይወስናል፤ ዋናው ነጋዴ የፈለጉት ከኪሳራው ተነስታችሁ ብዛቱን እንድትደርሱበት ነው።

ድፍረት ያልሽውን አልንቀውም። ነገር ግን ደፋሮቹ ሲወድቁ የማየው በአንድ መልክ ነው። ዋጋ ወረደ፤ «አሁን ረክሷልና ልጨምር፣ አማካዩ ይወርድልኛል» ይላሉ። 50ው 100 ይሆናል። ስህተቱ ሳይታረም ብዛቱ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ለአለቃ መናገር ይከብዳል፤ አንድ ቀን ያድራል፣ ሁለት ቀን ያድራል። ይህ እንዳይደርስብሽ ከመግዛትሽ በፊት በደብተርሽ ላይ የገዛሽበትን ምክንያት፣ ዋጋው ስንት ሲደርስ ተሳስቻለሁ ብለሽ እንደምትሸጪና ገዢው ማን እንደሆነ ጻፊ። እዚያ ዋጋ ሲደርስ በዚያው ቀን ደውለሽ ንገሪያቸው። በጊዜ የተነገረ 8,000 ብር ኪሳራ ከሥራ አያስወጣሽም፤ ተደብቆ ያደገው ግን ያስወጣል።

ሌላም ጠይቂ፤ ይህ ስለ ደሞዝሽ ነው። ጉርሻ የሚሰጣችሁ በተገዛው ኩንታል ልክ ከሆነ፣ ክፍያው ራሱ ብዙ ግዢ እያለ ይገፋፋሻል፤ ከዋናው ነጋዴ ንግግር ጋር ይጋጫል። ጭነቱ ተሸጦ ከተጣራው ሂሳብ እንዲታሰብ በትህትና አንሺው። ኪሳራ ከደሞዝ ይቆረጣል ከተባልሽ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ያንቺ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ መቁረጥ አይቻልም። ሲቆረጥም ከወር ደሞዝሽ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የጽሑፍ ስምምነት ሲሰጥሽ ሳታነቢ አትፈርሚ።

ጣራው እንዲነሳልሽ ከፈለግሽ ጥቅምት ላይ የጀመረው አዝመራ ሲያልቅ ደብተርሽን ይዘሽ ግቢ። አስቀድመሽ የጻፍሽው ከፍተኛ ኪሳራና በእርግጥ የደረሰው ጎን ለጎን ይታዩ። ግምትሽ ከሆነው ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ወደ 100 ኩንታል እንዲያሳድጉልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ትርፍሽ ትልቅ ሆኖ ግምትሽ የሚዛነፍ ከሆነ ግን አንድ ወቅት በ50ው ቆዪ።